ስቶኩ −17 ሲል፦ ገና ያልመጣ ዕቃ እንዴት ይመዘገባል?

«እኔና እህቴ የጀርባ ቦርሳ በኦንላይን እንሸጣለን። ጥቁሩ ቦርሳ ካለቀ በኋላም ትዕዛዝ መቀበላችንን አላቆምንም፤ ኤክሴላችን አሁን −17 ይላል። ከአቅራቢ 60 አዘናል። ሲመጣ 43 ይተርፈናል ብለን ከአሁኑ መሸጥ እንችላለን? በቅርቡ ለሚወጣ አዲስ ሞዴልም ቅድመ ትዕዛዝ መቀበል ጀምረናል። ለደንበኛ ምን ቀን እንስጥ? ሲዘገይብንስ ምን እንበለው?»

43ቱን አትሽጡ። ቢያንስ ዛሬ አትሽጡ።

መደርደሪያ ላይ ከዜሮ በታች ዕቃ ሊኖር አይችልም። ወይ ቦርሳ አለ፣ ወይ የለም። ስለዚህ −17 የዕቃ ቁጥር አይደለም። የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። የተሸጠና ያልተላከ አለበት። ተመልሶ ያልተመዘገበ ይኖርበታል። በስልክ ተሰርዞ ኤክሴሉ ላይ ማንም ያልነካው ትዕዛዝ ይኖርበታል። ዚፑ ተበላሽቶ ጥግ የተቀመጠ ቦርሳም «አለ» ተብሎ ተቆጥሮ ይሆናል። ይሄ ሁሉ ተደምሮና ተቀንሶ ነው አንድ ቁጥር የወጣው። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ የትኛው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አትችሉም።

በምሳሌ እንሂድ። የናንተን መደርደሪያ ስላላየሁት ቁጥሮቹን እኔ ላስቀምጥ፤ እናንተ በራሳችሁ ተኩት።

አንዳችሁ ስቶር ገብታችሁ ጥቁሩን ቦርሳ ቆጠራችሁ እንበል። አምስት ተገኘ። «አልቋል» ያላችሁት ዕቃ አምስት አለ! ይሄ የሚገርም ነገር አይደለም፤ ከዜሮ በታች የሚወርድ ስቶክ ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። ከአምስቱ አንዱ ዚፑ አይዘጋም። አንዱ ደንበኛ ተጠቅሞበት የመለሰው ነው። ስለዚህ ለሽያጭ የሚሆነው ሦስት ነው።

ሌላችሁ ደግሞ ያልተላኩትን ትዕዛዞች አንድ በአንድ ጻፋችሁ። ኤክሴሉ 22 ቦርሳ ታዟል ይላል። 5 ሲቀነስ 22፣ −17። እዚህ ድረስ ይገጥማል። ግን አንዱ የሦስት ቦርሳ ትዕዛዝ ከሁለት ሳምንት በፊት ተሰርዟል። ገንዘቡ ተመልሷል፤ ኤክሴሉ ግን አልተነካም። ስለዚህ በእርግጥ ያለባችሁ 19 ነው።

3 ሲቀነስ 19፣ የጎደለው 16 ነው።

«17 እና 16 ምን ልዩነት አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የቀረበው ትክክል ስለሆነ አይደለም። ሁለት የማይሸጡ ቦርሳዎች ስቶኩን አብዝተው አሳይተዋል፣ ሦስት የተሰረዙ ደግሞ ዕዳውን አብዝተው አሳይተዋል፤ ስህተት ስህተትን ሸፈነው። ይሄ ከትልቅ ስህተት ይከፋል። ትልቁ ወዲያው ይታያል፤ ይሄኛው ግን ወር ሙሉ «ደህና ነው» እያላችሁ ታምኑታላችሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ሦስቱ ደህና ቦርሳ ናቸው። ሰው ወረፋ ይዞ እየጠበቀ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። −17 ስላለ ማንም ሄዶ አላየውም። የወረፋው የመጀመሪያ ሰው አንድ፣ ሁለተኛው ሁለት አዘው ከሆነ ሁለቱንም ዛሬ መላክ ትችላላችሁ።

አሁን መዝገቡን እንለውጠው። ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር መያዝ ይቅር። አራት ይሁን፦ በእጅ ያለ፣ የተያዘ፣ ያልተሟላ፣ የሚጠበቅ። በእጅ ያለ ማለት ተቆጥሮ የተገኘና ለሽያጭ የሚሆን ነው፤ መቼም ከዜሮ በታች አይወርድም። የተያዘ ማለት በእጅ ካለው ላይ ስም የተጻፈበት ነው። ያልተሟላ ማለት ተሽጦ ዕቃው ገና ያልመጣ ነው፤ ብዙዎች ባክኦርደር የሚሉት ይሄ ነው። የሚጠበቅ ደግሞ አቅራቢው እልካለሁ ብሎ ያረጋገጠው ነው። ያዘዛችሁት አላልኩም፤ ያረጋገጠው ነው ያልኩት። እመለስበታለሁ።

ያልተሟላውን ቁጥር በእጅ አትጻፉት። ከትዕዛዝ ዝርዝሩ ይምጣ። የትዕዛዝ ሉሁ ላይ እያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ መስመር ይኑረው። ኤ ላይ የዕቃው ኮድ፣ ቢ ላይ የታዘዘው፣ ሲ ላይ የተላከው፣ ዲ ላይ የተሰረዘው፣ ኢ ላይ ቀሪው። ኢ ላይ እና ከእነዚህ አምዶች ውጭ ባለ የድምር ሕዋስ ላይ በቅደም ተከተል የሚገቡት ሁለቱ ቀመሮች እነዚህ ናቸው፦

```
=B2-C2-D2
=SUMIFS(E:E,A:A,"BAG-01")
```

ሁለተኛው የጥቁሩን ቦርሳ ጠቅላላ ቀሪ ይሰጣችኋል። ከዚያ ላይ የተያዘውን ስትቀንሱ ያልተሟላው ይወጣል። ደንበኛ ሲሰርዝ መስመሩን አታጥፉ፤ የተሰረዘው አምድ ላይ ቁጥሩን ጻፉ። መስመር ከጠፋ ነገ «እኔ አልሰረዝኩም» የሚል ሰው ሲመጣ የምታሳዩት የላችሁም።

አሁን ወደ 60ው። አቅራቢውን መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ጥያቄ አለ፦ ስንቱን መቼ ነው የምትልከው? እናንተ 60 ብላችሁ ልካችኋል። እሱ ግን 40ውን በ12፣ 20ውን በ30 ብሎ ያረጋግጣል። ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ «60 ይመጣል» የሚል አንድ መስመር ሳይሆን ጭነት 1 እና ጭነት 2 የሚሉ ሁለት መስመሮች ይኖሯችኋል።

ከጭነት 1 ላይ 16ቱ ባለቤት አላቸው። 40 ሲቀነስ 16፣ 24። ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ያዙ። በፊት በመጡት ጭነቶች ውስጥ ስንት ስፌቱ የተፈታ ወይም ዚፑ የማይሠራ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ያንን ያህል ይሁን። እኔ ሁለት አልኩ። ስለዚህ ከጭነት 1 ላይ ዛሬ ልትሸጡት የምትችሉት 22 ነው። 23ኛው ገዢ ሲመጣ የሚሰጠው ቀን የጭነት 2 ቀን ነው። እነሆ 43ቱ ወዴት እንደሄደ፦ 22 በአንድ ቀን፣ የቀረው በሌላ ቀን ይሸጣል። 43ቱንም በአንድ ቀን ቃል ብትሸጡት ኖሮ ሃያ ለሚጠጋ ሰው ከመነሻው የማይሆን ቃል ሰጥታችሁ ነበር።

ለዚህ የትዕዛዝ ሉሁ ላይ አንድ አምድ ጨምሩ፦ ጭነት። እያንዳንዱ ያልተሟላ መስመር የትኛውን ጭነት እንደሚጠብቅ ይጻፍበት። የኔ ምክር ባጭሩ ይሄ አምድ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀርባችሁ ይሄ አይቅር። ጭነት 1 ሲዘገይ ማንን እንደሚነካ በአንድ ማጣሪያ ታያላችሁ። አምዱ ከሌለ ግን አንድ ጭነት በዘገየ ቁጥር ወይ ለሁሉም ትጽፋላችሁ ወይ ለማንም አትጽፉም። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ድንበር ላይ የሚወድቅ ትዕዛዝ ይኖራል። ከጭነት 1 ሁለት ብቻ ቀርቶ አራት የሚፈልግ ሰው መጣ እንበል። ራሳችሁ አትወስኑለት። «ሁለቱን አሁን፣ ሁለቱን ኋላ እንላክ ወይስ አንድ ላይ ይጠብቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን መስመሩ ላይ ጻፉት። ለልጆቹ የሚገዛ ሰው አንድ ላይ ነው የሚፈልገው፤ ለሁለቱ ሰጥቶ ሁለቱን ማስለቀስ አይፈልግም። ለድርጅት የሚገዛው ግን ያለውን ዛሬ ቢወስድ ደስ ይለዋል።

ቀኑን እናስላ። አቅራቢው «በ12» ሲል መጀመሪያ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። ከሱ የሚወጣበት ቀን ነው ወይስ እናንተ በር ላይ የሚደርስበት? ስንቱ ሰው እዚህ ላይ እንደተሸወደ! በር ላይ የሚደርስበት ነው አለ እንበል።

ያለፉትን አምስት ጭነቶች አስቡ። አንዱ በቀኑ መጣ። ሌሎቹ 3፣ 1፣ 6 እና 4 ቀን ዘገዩ። አማካዩ 2.8 ቀን ነው። ብዙ ሰው ሦስት ቀን ጨምሮ ቃል ይገባል፤ ብልህ የሆነም ይመስለዋል። ግን ዝርዝሩን ተመልከቱት። በአማካዩ በ2.8 ብትሄዱ ከአምስቱ ሦስቱ ያልፉታል። 4 ቀን ብትጨምሩ ግን የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው። ለቀጠሮ አማካይ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ የማያልፈውን ቁጥር ነው የምትፈልጉት።

ስለዚህ 12 ሲደመር 4፣ 16 ሆነ። ለመቁጠርና ለማየት አንድ ቀን፣ 17። ማሸግ አለ። በቀን 12 ጥቅል ታሽጋላችሁ እንበል። 16ቱ ቦርሳዎች በ11 ትዕዛዝ ውስጥ ካሉ በ18 ያልቃሉ። ማድረሻ ሁለት ቀን፣ 20። ለነባሮቹ «እስከ 20» ትላላችሁ። አዲሶቹ 22 ገዢዎች አንድ አንድ ቢያዙ በ19 እና በ20 ይታሸጋሉ፤ ለነሱ «እስከ 22»። ማሸጊያውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዕቃው በገባ ማግስት ሁሉም ሰው እጅ ላይ የሚገኝ ይመስለዋል። አርባ ቦርሳ ሁለት ሰው በአንድ ቀን አሽጎ አይጨርስም፤ ሞክራችሁት ታውቃላችሁ።

ለደንበኛው የምትሰጡት ቀን ቁርጥ ያለ ይሁን፣ «እስከ» የሚል ይግባበት። «በቅርቡ» ቀን አይደለም። «በሁለት ሳምንት ውስጥ» ደግሞ ሰውየው መልእክቱን ካነበበበት ቀን ጀምሮ ይቆጥረዋል፤ እናንተ ከጻፋችሁበት። በአራት ቀን ትለያያላችሁ፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

አሁን ስለ አንድ የራሴ ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ የአንድ መጋዘን የትዕዛዝ ሉህ እኔ ነበርኩ የምይዘው። የተሰጠ ቀን የሚል አንድ አምድ ብቻ ነበረው። ጭነት ሲዘገይ የድሮውን ቀን አጥፍቼ አዲሱን እጽፋለሁ። ሉሁ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። በወሩ መጨረሻ «ስንት ትዕዛዝ በቀኑ ደረሰ?» ስባል ሁሉም ማለት ይቻላል በቀኑ ነው የደረሰው! አንድ ቀን ደንበኛ ስልኩን ይዞ መጣ። ሦስት መልእክት አሳየኝ፤ ሦስቱም የኔ፣ ሦስቱም የተለያየ ቀን። ሉሁ ላይ ግን የመጨረሻው ብቻ ነው ያለው። «እኔ ነኝ የዋሸሁት ወይስ አንተ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት አምድ ነው የምይዘው። የመጀመሪያ ቃል፣ የአሁን ቃል፣ የደረሰበት ቀን። የመጀመሪያው አንዴ ከተጻፈ አይነካም፤ ኤክሴል ላይ ቆልፉት። የሚቀየረው የአሁኑ ነው። በቀየራችሁት ቁጥር ከጎኑ መቼና ለምን እንደቀየራችሁ በሦስት ቃል ጻፉ፦ «14፣ ጭነት ዘገየ»። ምን ያህል ቃላችሁን እንደምትጠብቁ የምትለኩት የመጀመሪያውን ከደረሰበት ጋር በማስተያየት ነው። የአሁኑን ከደረሰበት ጋር ካስተያያችሁ እንደኔ ራሳችሁን ታታልላላችሁ።

መዘግየቱ ራሱ ላይ እንምጣ። በ14 ለአቅራቢው ደወላችሁ። «በ19 ነው የሚደርሰው» አለ። ነባሮቹ እስከ 20 የተባሉ ናቸው። ገና ስድስት ቀን አለ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፦ ዝም ይላል። «ምናልባት ይደርስ ይሆናል» ብሎ 20ን ይጠብቃል። ቀመሩን እንደገና ሥሩት። 19 ሲደመር 4፣ 23፤ ሲቆጠር 24፤ ሲታሸግ 25፤ ሲደርስ 27። አዲሱ ቀን 27 ነው። ይሄን ካወቃችሁበት ሰዓት ጀምሮ ደንበኛው የማያውቀውን ነገር ይዛችኋል። መልእክቱ በዚያው ቀን ይሂድ፤ በ14። ሰው በ14 ሲሰማ ዕቅዱን ያስተካክላል። በ21 ሲሰማ ግን ጉዞው በ22 የነበረ ሰው ያለ ቦርሳ ቀርቷል።

መልእክቱ እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፦

«ሰላም። በቁጥር 118 ያዘዙት ጥቁር ቦርሳ እስከ 20 ይደርስዎታል ብለን ነበር። ጭነቱ እንደዘገየ አቅራቢያችን ዛሬ ነግሮናል። አዲሱ ቀን እስከ 27 ነው። ይቅርታ። መጠበቅ ካልፈለጉ ግራጫው በእጃችን አለ፣ ዛሬ እንልካለን፤ ወይም ገንዘብዎን ሙሉውን እንመልሳለን። የመረጡትን እስከ 17 ይጻፉልን። ካልጻፉልን ቦርሳው በስምዎ እንደተያዘ ይቆያል። እስኪላክ ድረስ መሰረዝ ይችላሉ።»

ረጅም አይደለም። ግን አሮጌው ቀን አለበት፣ አዲሱ አለበት፣ ምርጫው አለበት፣ ዝም ካለ ምን እንደሚሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ነው። ከ11ዱ ደንበኞች ግማሹ ላይመልስላችሁ ይችላል፤ ያኔ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው ለየብቻ ስትደውሉ ትውላላችሁ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። ስለ ወደብ፣ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ አየር ጠባይ ታሪክ አታውሩ። ሰውየው ማወቅ የሚፈልገው ቀኑን ነው።

ዝምታን እንደ እሺታ መቁጠር ግን ገደብ አለው። ሕጉ በየአገሩ ስለሚለያይ የራሳችሁን ተመልከቱ። ለመነሻ ያህል፣ በአሜሪካ ለርቀት ሽያጭ የወጣው ደንብ ቀን ካልተጠቀሰ 30 ቀን ይላል። የመጀመሪያው መዘግየት ከ30 ቀን ካልበለጠ የደንበኛው ዝምታ እሺ ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከበለጠ ወይም ሁለተኛ ጊዜ ከዘገየ ግን ደንበኛው በግልጽ «እጠብቃለሁ» ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ትዕዛዙ ተሰርዞ ገንዘቡ ይመለሳል። በአውሮፓ ኅብረትም ሌላ ስምምነት ከሌለ ማስረከቢያው ቢበዛ 30 ቀን ነው። ሕግ ባያስገድዳችሁም የአሜሪካውን አካሄድ ብትከተሉ እመክራለሁ። ሁለተኛ ጊዜ አዘግይቶ ዝምታን እንደ እሺታ መውሰድ ያስነውራል።

ጭነቱ መጣ። በ20 ነው የደረሰው፤ አንድ ቀን ብቻ ዘገየ፣ ደግ ነው። ወረቀቱ 40 ይላል። ኤክሴሉን ከመክፈታችሁ በፊት ቁጠሩ። 37 ሆነ። አንዱ ማሰሪያው ተቀዷል። ደህናው 36 ነው። ገቢ የሚደረገው 36 ነው፤ የተቀደደው ለብቻው «የማይሸጥ» በሚል ይመዝገብ፤ ሦስቱ የጎደሉ ለአቅራቢው በጽሑፍ ይነገሩ። ወረቀቱን አምኖ 40 ገቢ ያደረገ ሰው የነገውን −4 ዛሬ እየሠራው ነው።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ቆጠራችሁ፣ ከዚያ ስም ጻፋችሁ፣ ከዚያ ብቻ ነው የተረፈ ካለ ለሽያጭ የምትከፍቱት። ብዙዎች ገቢውን እንዳስገቡ ገጹ ላይ «አለ» የሚል ይወጣባቸዋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ አዲስ ሰው ገብቶ አምስት ይገዛል። ከወር በፊት የከፈለው ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ ትናንት የመጣው ወሰደ ማለት ነው። ጓደኛው የገዛ እንደሆነማ ጉድ ነው። የምትጠቀሙበት የመሸጫ ሥርዓት ገቢውን በራሱ የሚከፍት ከሆነ፣ ስም እስክትጽፉ ድረስ ገቢውን «ቁጥጥር ላይ» የሚል ሌላ ቦታ ውስጥ አቆዩት።

ቃል የገባችሁት ለ38 ነው፤ 16 ነባር፣ 22 አዲስ። ያላችሁ 36። ሁለት ሰው ይቀራል። እነማን? በትዕዛዝ ሰዓት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ። ያልጮኸው ወይም የማታውቁት ሰው አይደለም የሚቀረው። በእርግጥ ልዩ ነገር ይኖራል። ቀኑ ካለፈ ምንም የማይሠራለት ሰው አለ፤ ለእሱ ተራ ብትለውጡ አልቃወምም። ግን ለምን እንደለወጣችሁ መስመሩ ላይ ጻፉ፤ ከተዘለለው ሰው ጋር ስትነጋገሩ ትፈልጉታላችሁ። ሁለቱን ወደ ጭነት 2 አዙሯቸው። የመጀመሪያ ቃላቸው 22 እንደሆነ ይቀመጣል፣ የአሁኑ ይቀየራል፣ መልእክታቸው በዚያው ቀን ይሄዳል። በጭነት 2 ውስጥ ከሁሉም ፊት ናቸው።

ሁለቱን ቦርሳ ለጉድለት ማስቀረታችን እዚህ ላይ ታየ። 24ቱንም ሸጣችሁት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትጽፉት ለአራት ሰው ነበር።

አዲሱ ሞዴል ሌላ ጉዳይ ነው። ከጥቁሩ ጋር አታደባልቁት። ጥቁሩን ታውቁታላችሁ፤ ስንት ቀን እንደሚዘገይ፣ ከስንቱ ስንቱ እንደሚበላሽ ከልምድ አላችሁ። አዲሱን አንድም ቀን በእጃችሁ ይዛችሁት አታውቁም። ስለዚህ የራሱ ኮድ ይኑረው፣ ስቶኩ ዜሮ ሆኖ ይቀመጥ፣ ቅድመ ትዕዛዙ ከላይ ጣሪያ ይኑረው። አቅራቢው 50 አረጋግጦ ከሆነ 40 ላይ ዝጉት። አሥሩ ለብልሽት፣ ለጉድለትና ለራሳችሁ ስህተት ነው። ዕቃው ሲመጣ የተረፈውን መሸጥ ቀላል ነው፤ የሌለውን የሸጣችሁ ከሆነ ግን መመለሻው ከባድ ነው።

ለአዲሱ ሞዴል ቁርጥ ያለ ቀን አትስጡ። ከላይ «ቁርጥ ያለ ይሁን» ያልኩት ለሚታወቅ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ስጡ። አንደኛ የጊዜ ክልል፦ «በሚቀጥለው ወር ከ10 እስከ 25 ባለው ጊዜ»። ሁለተኛ ቁርጡን የምትነግሩበት ቀን፦ «ትክክለኛውን ቀን በዚህ ወር በ28 እንነግርዎታለን»። ሰው የማይታወቅ ቀን መጠበቅ ይችላል፤ መቼ እንደሚያውቅ ካወቀ። እና በ28 የምትነግሩት ባይኖራችሁ እንኳ በ28 ጻፉ። «ገና አልታወቀም፣ በ5 እንነግርዎታለን» ማለትም ቃልን መጠበቅ ነው።

ገንዘቡስ? የተቀበላችሁት ቀብድ ወይም ሙሉ ክፍያ ዕቃው እስኪወጣ ድረስ ሽያጭ አይደለም። የደንበኛው ገንዘብ ነው፤ እናንተ ላይ ዕዳ ነው። ለብቻው በሌላ መስመር ያዙት። ቀብዱን ከሽያጩ ጋር ደምራችሁ «ወሩ ጥሩ ነበር» ብላችሁ ካጠፋችሁት፣ አሥር ሰው አንድ ላይ ሲሰርዝ ከየት ታመጣላችሁ? ላልተላከ ቅድመ ትዕዛዝ የተከፈላችሁ ድምርና ለብቻው የያዛችሁት ገንዘብ በየሳምንቱ መግጠም አለበት።

አንድ ሰው ጥቁሩንና አዲሱን ሞዴል በአንድ ትዕዛዝ ካዘዘ ሁለት መስመር ነው፤ ሁለት ቀን፣ ሁለት ጭነት። አንድ ቀን ብቻ ከሰጣችሁት የሁለቱን የኋለኛውን ስጡት፣ ነጣጥላችሁ እንደማትልኩም ንገሩት።

በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሉሁን በሦስት ማጣሪያ እዩት። የአሁን ቃሉ አልፎ ያልተላከ መስመር አለ? ጭነት ያልተጻፈበት ያልተሟላ መስመር አለ? በዚህ ሳምንት የሚደርስ ተብሎ እስካሁን ከአቅራቢው ምንም ያልሰማችሁበት ጭነት አለ? ሦስተኛው ነው መደወያው። በ14 የተደወለው ስልክ የመጣው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ማጣሪያ አንድም መስመር ካመጣ ግን ዘግይታችኋል፤ እሱ ከሰኞ በፊት መታየት ነበረበት። በየሳምንቱ የሚያመጣ ከሆነ ችግሩ ደንበኛው ጋር አይደለም፤ ያ 4 ቀን ያልኩት ቁጥር ለአቅራቢያችሁ ያንሳል ማለት ነው፣ ወደ 6 ከፍ አድርጉት።

ዛሬ ማታ ኤክሴሉን አትንኩት። መጀመሪያ ስቶር ገብታችሁ ቁጠሩ፣ የተገኘው ደህና ቦርሳ ላይ የወረፋውን የመጀመሪያ ሰዎች ስም ለጥፉበት። ጠዋት ሲላክ −17 የሚለውን ሕዋስ አጥፉት።